የላካችሁት ገንዘብ ካልደረሰ ደረሰኙን እንዳትጥሉ

ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት የሄደች የጎረቤታችን ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟን ለእናቷ ላከች። እናት ጋ ግን ምንም አልገባም። የላከችበት የገንዘብ መላኪያ ቤት ደግሞ «ገብቷል» ይላል። ደግነቱ ደረሰኙን አልጣለችውም፤ ፎቶ አንስታ ለወንድሟ ላከችለት። እሱም ከእናቱ የባንክ ደብተር ጋር ቁጥር በቁጥር ሲያስተያየው የሒሳብ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ 47 የነበረው 74 ሆኗል። ብሩ የማያውቁት ሰው ሒሳብ ውስጥ ነው።

እንዲህ ሲያጋጥም አቤቱታውን የሚጀምረው ላኪው ነው። የላከበት ቤት ሄዶ በደረሰኙ ቁጥር ክትትል እንዲጀመርለት ይጠይቅ። ቤተሰብም በዚያው ቀን የደረሰኙን ቅጂ ይዞ ባንክ ይሂድ። ባንኩ ከሌላ ሰው ሒሳብ ላይ በእናት ቃል ብቻ ብር አያነሳም፤ ባለሒሳቡን ፈልጎ ማስፈቀድ ይኖርበታል። ሰውየው ብሩን አውጥቶ አልመልስም ካለ ጉዳዩ ፖሊስና ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል፤ መቸኮል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የልጅቷ ብር ሳይነካ ተገኘ፣ ባለሒሳቡም ፈረመ፣ እናትም እጅ ገባ።

የሒሳብ ቁጥር በስልክ እያስነበባችሁ አትጻፉ። የደብተሩን ፎቶ አስልኩና፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሠራተኛው የጻፈውን ቁጥርና ስም ከፎቶው ጋር አስተያዩ።