ሰዓታችሁ 168 ሲል ወዲያው አትደንግጡ

በዝግታ እየሮጣችሁ፣ ትንፋሽ ሳያጥራችሁ እያወራችሁ የእጅ ሰዓታችሁ የልብ ምታችሁን 168 ካለ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሰዓቱን ይሁን። ሰዓቱ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ የደሙን ፍሰት ለውጥ ይቆጥራል። ማሰሪያው ሲላላ ግን የክንዳችሁን መወዛወዝ ከልብ ምት ጋር ያምታታዋል። ብዙ ሯጮች በደቂቃ 160 እና 170 እርምጃ አካባቢ ስለሚረግጡ፣ ያ ቁጥር የእግራችሁ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ የሚስለውን የልብ ምት መስመር ቅርጽ እዩ። በሩጫ የሚጨምር ምት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ስታቆሙም ቀስ እያለ ይወርዳል። በሰከንዶች ውስጥ ከ120 ወደ 168 ዘሎ እዚያው ቀጥ ብሎ የሚቆይ መስመር ያጠራጥራል። ቆም በሉና ወዲያው ሁለት ጣት አንገታችሁ ጎን አሳርፋችሁ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። 31 ከሆነ 124 ነው፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። ማሰሪያውን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ አጥብቁት። በጣታችሁ ስትቆጥሩም ምቱ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ፣ ወይም ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ፣ ሩጫውን አቁማችሁ ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የእንቅልፍ ሰንጠረዡ ደግሞ ከዚህም በላይ ግምት ነው። የእንቅልፍ ደረጃ በትክክል የሚለየው በላቦራቶሪ የአንጎል ሞገድ ሲለካ ነው፤ ሰዓቱ በዋናነት የሚመለከተው እንቅስቃሴንና የልብ ምትን ነው። ነቅታችሁ ሳትንቀሳቀሱ ብትተኙ «ቀላል እንቅልፍ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ስለዚህ ጥልቅ እንቅልፍ ትናንት 70 ደቂቃ፣ ዛሬ 45 ቢል ተዉት። የተኛችሁበትንና የነቃችሁበትን ሰዓት የሁለት ሳምንት አማካይ ተመልከቱ።