አማርኛ የማትችል ልጅ ክፍላችን ስትገባ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንያዛቸው

ጎንደር ውስጥ ሙአለ ህፃናት ነው የማስተምረው፣ ክፍሌ ውስጥ 42 ልጆች አሉ፣ ሁሉም አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ብዙ ቤተሰብ በመተማ በኩል ገብቷል፣ ከዛ ውስጥ እዚህ ከተማ ድረስ የመጡም አሉ፣ እና አንድ ቀን የ6 አመት ልጅ አረብኛ ብቻ የምትናገር ክፍላችን ገባች። እሷን ስንቀበል ምን እንዳረግን፣ የቱ እንደሰራ የቱ እንዳልሰራ ልንገራችሁ፣ ትግርኛም ሆነ ኦሮምኛ ሌላም ቋንቋ የሚናገር ልጅ ለመጣባችሁ አካሄዱ ያው ነው፣ ቃላቶቹን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ልጅቷ ከመግባቷ በፊት

ስራው የሚጀምረው በር ላይ ነው፣ ከእናትየው ጋር። እናትየው አማርኛ ካልቻለች ሰፈር ውስጥ ሱዳን ሰርቶ የተመለሰ ሰው አይጠፋም፣ እኛ አዘዞ የሚኖሩ አንድ አባት ለመንን፣ ግማሽ ሰአት ብቻ ተቀመጡልን በቃ። ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው የልጅቷ ስም በትክክል እንዴት እንደሚጠራ፣ እናትየው ስትጠራው በስልካችሁ ቅዱትና ቤት ገብታችሁ ተለማመዱት፣ ምክንያቱም እኛ ኸዲጃን ከድጃ ማለት ይቀናናል፣ ልጅ ደሞ ሌላው ሁሉ በማይገባት ቦታ ላይ የምታውቀው ድምፅ ስሟ ብቻ ነው፣ እሱንም ካበላሸንባት የምትይዘው ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው አስር የማይሞሉ ቃላት ነው፣ በፊደል ፃፏቸው። ውሃ ሞያ፣ ሽንት ቤት ሐማም፣ ነይ ተዓሊ፣ በቃ ወይም አለቀ ኸላስ። እዚ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሞያ ስትሉ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ለኛ ሞያ ሌላ ነገር ነዋ። ሳቁ ደግሞ እሷ ባለችበት ከመጣ በሷ የተሳቀ ነው የሚመስላት። ስለዚ ከመግባቷ አንድ ቀን ቀድማችሁ ቃላቶቹን ለክፍሉ አስተምሩ፣ ይሳቁ፣ ይድገሙት፣ እስኪሰለቻቸው ይበሉት። በማግስቱ ስትመጣ ሞያ የተለመደ ቃል ሆኖ ይቆያታል። ሰላምታም አንድ አስተምሯቸው፣ አህለን በቂ ነው።

ከዛ አምስት ስእል ሳሉ፣ ካርቶን ላይ ወይም ያለፈ አመት ካላንደር ጀርባ ላይ። ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ አመመኝ፣ እናቴን፣ አልፈልግም። በልጅ ቁመት ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ አንገቷ ላይ እንዳታንጠለጥሉት፣ ምልክት ይሆንባታል። ሁሉም ልጆች እንዲጠቀሙበት አርጉ፣ የኔዎቹ አማርኛ የሚችሉትም እየሄዱ ሽንት ቤቱን በጣት መንካት ለመዱ፣ ጥሩ ሆነ፣ የሷ ብቻ መሆኑ ቀረ። ይሄን ችላ ያላችሁ እንደሆነ የመጀመሪያው ችግር የሚመጣው በሽንት ነው፣ መጠየቅ አልቻለችምና ይዛ ይዛ ታመልጣታለች፣ ከዛ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድም ትላለች።

የመጀመሪያው ቀን

ፊት አውጥታችሁ እንዳታስተዋውቋት። ቁሚ፣ ስምሽን ተናገሪ፣ አጨብጭቡላት ምናምን የሚባለው ለሚችል ልጅ ነው፣ ለማይችል ልጅ 42 አይን ማለት ነው (84 ነው እንጂ)። እንዳው በር ላይ ተቀበሏት፣ ስሟን ጥሩ፣ ቦታዋን አሳዩአት። ቦታዋ ሁለተኛ ረድፍ ቢሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም ፊት ከተቀመጠች ሌሎቹ ምን እንደሚያረጉ አታይም፣ ኋላ ከሆነች ደሞ ትረሳለች። መጀመሪያ የምትማረው ከኛ አፍ ሳይሆን ሌሎቹን እያየች ነው።

ባሉን ነፍቼ ነበር እኔ። ክፍሉ ደስ ይበላት ብዬ። አንዱ ፈነዳ፣ ልጅቷ ጠረጴዛ ስር ገብታ ለመውጣት ብዙ ሰአት ፈጀባት፣ እኔም አብሬያት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከጦርነት የወጣ ልጅ እንደሆነ እያወቅኩ አለማሰቤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ባሉን፣ ድንገተኛ ፊሽካ፣ በሩን ጓ ማድረግ፣ እነዚህን ተዉ። ደወል መደወል ግዴታ ከሆነ ደዋይዋ እሷ ትሁን፣ ድምፁ ከራሷ እጅ ሲወጣ አያስደነግጣትም።

ይሄ ደወሉ ነገር በኋላ ትልቁ መፍትሄያችን ሆነ። አዲስ ልጅ ቋንቋ የማይፈልግ ስራ ይኑራት፣ በየቀኑ አንድ አይነት ስራ፣ ጠመኔ ማደል፣ ምሳ እቃ መደርደር፣ ደወል። ስራ ያላትን ልጅ ሌሎቹ ይፈልጓታል፣ ራሳቸው መጥተው እጅ ይዘረጋሉ። መጀመሪያ ቀን ሙሉ ቀን ባትውል ይመረጣል፣ ሁለት ሰአት ያህል ቆይታ ገና ሳይሰለቻት እናቷ ትምጣ።

ጓደኛ ስትመድቡ አንድ ሳይሆን ሁለት ልጅ መድቡ፣ ዝም ብለው አብረዋት የሚቆሙ እንጂ ወሬኛ አይሁኑ፣ በየሳምንቱ ቀይሯቸው። አንድ ብቻ ከሆነ ያ ልጅ የቀረ ቀን ልጅቷ ባዶ ሜዳ ላይ ትቀራለች። አረብኛ ትንሽ የሚችል ልጅ ካለ ደሞ ቀኑን ሙሉ አስተርጓሚ አታርጉት፣ ልጅ ነው፣ እሱም መጫወት ይፈልጋል።

የምንመርጠው ጨዋታ

ዋናው ነገር ይሄ ነው እና ትንሽ ልቆይበት። ብዙ ሰው አዲስ ልጅ ሲመጣ እግር ኳስ ወይም አባሮሽ ይላል፣ ቋንቋ ስለማይፈልግ። ጥሩ ነው ግን ቋንቋ ስለሌለው ቋንቋም አያስይዝም፣ ደፋሩ ልጅ ይሮጣል ዝምተኛዋ ጥግ ትቆማለች። የሚሻለው ሁሉም ባንድ ላይ አንድ አጭር መልስ የሚመልስበት ጨዋታ ነው። እኛ ደግሞ እሱ ሞልቶናል። አኩኩሉ ሲባል አልነጋም። መሃረቤን ያያችሁ ሲባል አላየንም።

የመሃረቧን እንውሰድ። ከ10 እስከ 12 ልጅ ክብ ሰርተው ይቀመጣሉ፣ 42ቱን ባንዴ እንዳትሞክሩት፣ ተራ ሳይደርሳት ጊዜው ያልቃል። አንዱ መሃረብ ይዞ ከኋላ እየዞረ ይጠይቃል፣ ሌሎቹ አላየንም ይላሉ፣ ከዛ አንዱ ጀርባ ይጥላታል፣ የተጣለበት አንስቶ ያባርራል። አዲሷን ልጅ መጀመሪያ ክቡ ውስጥ አስቀምጧት፣ አትናገርም፣ ግን በዙሪያዋ አስር ልጅ አንድ አይነት ቃል እየጮኸ ነው፣ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፣ ከንፈሯን ብታንቀሳቅስም ማንም አይሰማትም። ስህተት የማይታይበት ቦታ ማለት ይሄ ነው። በሶስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን መሃረቧ ጀርባዋ ላይ ትጣል፣ ለልጆቹ በጆሯቸው ንገሯቸው፣ ምክንያቱም ሳይነገራቸው የሚያውቁት ጓደኛቸው ላይ ብቻ ነው የሚጥሉት፣ ክፋት አይደለም የልጅ ነገር ነው። ማባረር ደሞ ትርጉም አያስፈልገውም። የኛዋ ልጅ በስድስተኛው ቀን ላየንም አለች፣ መጀመሪያ ያለችውን አ ውጣት፣ የመጀመሪያ አማርኛዋ ነው፣ እኔም አላረምኳትም። ማረም አያስፈልግም፣ ሌሎቹ በትክክል ሲሉት ስትሰማ ራሷ ታስተካክለዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት የጨመርነው የጋራ ቃል ፍለጋ ነው። አረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው፣ ከዛ ላይ በንግድ የተዋዋሱት አለ፣ ስለዚ ሻይ ሻይ ነው፣ ሱካር ስኳር ነው፣ ሳቡን ሳሙና፣ ቡን ቡና፣ ራስ ራስ፣ ዓይንም ያው ዓይን። እቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፣ አንስታችሁ በአማርኛ በሉት፣ ወደሷ ዞራችሁ ጠብቁ። ካልመለሰች ራሳችሁ በአረብኛው በሉትና ቀጥሉ፣ እንዳትጫኗት። የኛዋ ሳሙናው ላይ ስትደርስ ሳቡን ብላ ሳቀች፣ ክፍሉ ሳቡን ሳሙና ሳቡን ሳሙና እያለ ጮኸ፣ ያን ቀን ነው ቋንቋዋ ክፍላችን ውስጥ የገባው። ትግርኛ ከሆነማ ገና ብዙ አለ፣ ዓይኒ፣ ርእሲ፣ ሽኮር፣ ከሃያ በላይ ባንድ ቀን ታገኛላችሁ። ኦሮምኛ ላይ ግን እንዲ በቀላሉ አይገኝም፣ ቡና ቡነ እያላችሁ ትንሽ ትሄዳላችሁ፣ ከዛ ይልቅ ቁጥር መቁጠር ይሻላል፣ ገመድ ሲዘለል ቶኮ ለማ ሰዲ እየተባለ።

ምግብ ማካፈልም ታስቦ ይሁን። እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ጥብስ ያመጣ ወላጅ ነበር፣ እዚህ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ስጋ እንደማይካፈል እያወቀ፣ ለልጅ ነው ምን ችግር አለው ብሎ። ልጅቷ አልበላም ስትል ሁሉም ያያታል። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ይሁን፣ ፆምም አይነካው ስጋም የለው። በረመዳን ደሞ ትላልቆቹ ልጆች እየፆሙ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ዝም ስትል

ልጅቷ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ላትናገር ትችላለች፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ ሁለተኛ ቋንቋ የሚጀምሩ ብዙ ልጆች ጋር ያጋጥማል፣ እየሰማች ነው። አፏን ሳይሆን ሌላውን ተመልከቱ፣ በጣት ታመለክታለች ወይ፣ ልጆቹ ሲስቁ ትስቃለች ወይ፣ ተነሱ ሲባል ሳታይ ትነሳለች ወይ። እነዚህ ካሉ ጠብቁ። እናቷ ጋር ቤት ውስጥም በአረብኛ የማታወራ ከሆነ፣ ከጀርባዋ ስሟን ስትጠሩ የማትዞር ከሆነ ግን ጆሮዋ ይታይ፣ ጨዋታውም ውስጥ ስትገባ ሁሌ የምትደነግጥ እንቅልፍም የምታጣ ከሆነ ባለሙያ ያስፈልጋታል፣ ይሄ በመሃረብ የሚፈታ አይደለም።

እናትየውን ደሞ ቤት በአማርኛ አናግሪያት እንዳትሏት። ብዙዎቻችን ይሄን ምክር እንሰጣለን ግን ስህተት ነው፣ እናት በማትችለው ቋንቋ ስታወራ ልጅቷ የምትሰማው ቁርጥራጭ ነው፣ ተረትም ቁጣም ፍቅርም ይቀርባታል። በአረብኛ ታውራት፣ አማርኛውን እኛጋ ታገኘዋለች።

የጥምቀት እረፍት ሲያልፍ ትንሽ ወደኋላ ትመለሳለች፣ የኛዋ ጥር አጋማሽ ላይ ስትመጣ ጭራሽ እንደመጀመሪያው ቀን ሆና ነበር፣ በር ላይ የእናቷን ነጠላ ይዛ አልለቅም አለች። ደወሉን ሰጠናት፣ ከዛ ክብ ሰርተን ተቀመጥንና ከመሃረቧ ጀመርን።