ጓደኛ ሲያለቅስ፣ ቃል ሲጠፋ

ጓደኛዬ እናቷ በጠና መታመማቸውን በስልክ ሰምታ ስታለቅስ፣ ከአፌ የወጣው «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ብቻ ነበር። እንባዋን ዋጥ አድርጋ «ይቅርታ» አለችኝ። ለካ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «አታልቅሺ» የሚለውን ትቼዋለሁ። የሚያለቅስ ሰው ፊቱን ሲያዩት ይሸማቀቃልና ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን እቀመጣለሁ። ሶፍቱንም እጇ ላይ አልጭንም፤ አጠገቧ አስቀምጠዋለሁ። መስጠቱ አንዳንዴ «በቃሽ፣ ጥረጊ» ይመስላል።

ቃል ከጠፋ መጥፋቱን መናገር ይበቃል፦ «ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ግን አብሬሽ ነኝ።» ከዚያ ዝምታ። ሁለት ደቂቃው ሃያ ይመስላል፤ «የእኔም እናት እኮ…» ብሎ የራስን ታሪክ መጀመር የሚያምረው ያኔ ነው። ዋጡት። ትንፋሿ ረጋ ሲል ውሃ አቀብሏትና «ልታወሪኝ ትፈልጊያለሽ ወይስ እንዲሁ እንቀመጥ?» በሏት። «እንዲሁ» ካለች እንዲሁ ነው።

በማግስቱ ደግሞ «ምን ልርዳሽ?» አትበሏት፤ ያዘነ ሰው ሥራ ማከፋፈል ይከብደዋል። «ሐኪም ቤት ምሳ ይዤ ልምጣ?» ቢሏት ግን መልሱ አዎ ወይም አይ ነው።