የአጭር ኮሜዲ ተከታታይ ስም ሲጻፍ

ደሴ ላይ የሚሠራ ባጃጅ ነጂ፣ «ጋሽ ሰዒድ» የሚባል ገጸ ባሕርይ አላችሁ እንበል። በአንዱ ክፍል «ሰዒድ»፣ በሌላው «ሰኢድ»፣ በሦስተኛው «ሰይድ» ከተጻፈ ፍለጋው ሁልጊዜ አንድ ሰው አድርጎ አያያቸውም፤ ተመልካች ግማሹን ክፍል ሳያገኝ ይቀራል። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና በርዕስ፣ በመግለጫና በፕሌይሊስት ላይ ሳትቀይሩ ተጠቀሙበት። የቀሩትን አጻጻፎች ዩቲዩብ ላይ በታግ ሳጥኑ ውስጥ ክተቷቸው፤ ታግ በዋናነት የሚጠቅመው ለዚሁ ነው።

ርዕሱን ሰው በሚያስታውሰው አባባል ጀምሩት፦ «አብሽር ይደርሳል! | ጋሽ ሰዒድ | ክፍል 7»። «ክፍል 7» ፊት ከመጣ ስልክ ላይ ርዕሱ ሲቆረጥ ቀልዱ አብሮ ይቆረጣል። ሃሽታግ ላይ ክፍተት አይሠራም፤ #ጋሽ_ሰዒድ ብላችሁ አያይዙት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ድምፁን ነው። ቲክቶክ የራሳችሁን ድምፅ በአካውንታችሁ ስም ብቻ ይመዘግበዋል፤ በዚያ ስም ደግሞ ማንም አይፈልገውም። አባባሉ ያለ ሙዚቃ ጥርት ብሎ የሚሰማበትን አንድ ቪዲዮ ልቀቁ፣ የድምፁን ስም ነክታችሁ «ጋሽ ሰዒድ አብሽር ይደርሳል» ብላችሁ ቀይሩት። ስሙ ደጋግሞ ስለማይቀየር ፊደሉን አስቀድማችሁ አጣሩ። አባባሉን በየክፍሉ እንደ አዲስ ድምፅ ከጫናችሁት ድምፁን በራሳቸው ቪዲዮ የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ይበታተናል።