በኡርዱ ጽሑፍ ውስጥ የሚገለበጠውን ስሌት ያስተካከልኩበት መንገድ

የስታቲስቲክስ መማሪያ ምዕራፍ ወደ ኡርዱ ስተረጉም፣ በትክክል የጻፍኩት 12 - 8 = 4 ገጹ ላይ 4 = 8 - 12 ሆኖ ይታይ ነበር። በፓኪስታን መማሪያዎች የኡርዱው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድም ቀመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ፣ ተማሪው የሚያገኘው ስሕተት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን በእጄ አቀያየርኩ፤ ስሌቱ ለብቻው ወደ ሌላ ሰነድ ሲቀዳ ግን ተገልብጦ ተገኘ። ክፍት ቦታዎቹን ማጥፋትም አልረዳም፤ ምክንያቱም በዩኒኮድ ደንብ መሠረት ከኡርዱ ፊደል ቀጥሎ የሚመጡ አሃዞችና በመካከላቸው ያለው የመቀነስ ምልክት የአንቀጹን አቅጣጫ ተከትለው ይደረደራሉ።

የሠራው እያንዳንዱን ስሌት ከዙሪያው ጽሑፍ መነጠል ነው፦

```html
<bdi dir="ltr">12 - 8 = 4</bdi>
```

ከዚያ በኋላ ቃላቱን አስተካከልኩ። «አውሰት» የሚለውን ለአማካይም ለመካከለኛ ዋጋም ተጠቅሜበት ስለነበር፣ የመጀመሪያውን «ሂሳቢ አውሰት»፣ ሁለተኛውን «ወስታኒያ» ብዬ በሠንጠረዥ ወሰንኩ። በጅምላ መተካት ግን ቀድሞ ትክክል የነበረውን «ሂሳቢ ሂሳቢ አውሰት» ስላደረገው፣ እያንዳንዱን ቦታ ከእንግሊዝኛው ጋር እያመሳከርኩ አንድ በአንድ ቀየርኩ።