የመታጠቢያ ቤት የግድግዳ ካቢኔት ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ማጠፊያውና የተተከለበት ቀዳዳ

ሻወሩ፣ መጸዳጃውና የእጅ መታጠቢያው በአንድ ጠባብ ክፍል በሚገኙበት ቤት፣ እንደ ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ማለት ነው፣ ከሙቅ ውኃ የሚነሣው እንፋሎት መውጫ ስለማያገኝ መጀመሪያ ጣሪያው ሥር ተከማችቶ ከዚያ ወደ ታች ክፍሉን ይሞላል። ከእጅ መታጠቢያው በላይ የሚሰቀለው ካቢኔትም የሚውለው በዚሁ እንፋሎት ውስጥ ነው። በሩ ሲወርድ ወይም አልገጥም ሲል ሰው ሁሉ ማጠፊያውን ይወቅሳል፤ ይሁን እንጂ ማጠፊያው ደህና ሆኖ ሳለ የተተከለበት ሰሌዳ ቀድሞ የሚበላሽበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን ሳያዩ ማጠፊያውን ብቻ አይቶ መግዛት ለአብዛኞቹ ስህተቶች መነሻ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በማጠፊያው ማንጸባረቅ ብቻ ረክቶ «ስቴንለስ ነው» የሚለውን ቃል መቀበል ነው። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የካቢኔት ማጠፊያ ተራ ብረት ሆኖ ላዩ በቀጭን ኒኬል የተለበጠ ነው። ይህ ልባጥ ብረት ከብረት በሚፋተግበት መገጣጠሚያ ላይ ቶሎ ስለሚነሣ፣ ዝገቱ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ከዘንጉ ይጀምራል። ትንሽ ማግኔት ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ 304 የተባለው የስቴንለስ ዓይነት ማግኔትን እምብዛም አይስብም። በመታጠፊያው አካባቢ ጥቂት ቢስብ፣ ውስጥ ያለው ሞላም ቢስብ አያስደንቅም፤ ጠፍጣፋው ክንድ ማግኔቱን አጥብቆ ከያዘ ግን ወይ ተራ ብረት ነው ወይ ዝቅ ያለ ስቴንለስ ነው። ማጠፊያው ጥሩ ሆኖ ብሎኖቹ ተራ ብረት የሆኑበትም ጊዜ ስላለ፣ ማግኔቱን ወደ ብሎኖቹም ማስጠጋት ይገባል።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ስህተት የማጠፊያውን ቀዳዳ አለማየት ነው። የተለመደው ማጠፊያ በበሩ ውስጥ የሚቀመጥ ኩባያ የሚመስል ክብ ክፍል አለው፤ ለእርሱም ስፋቱ 35 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ 12 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ይበሳል። በሩ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ከቀዳዳው ጀርባ የሚቀረው 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የበሩ ፊትና ጠርዝ በላሚኔት ተሸፍኖ ሳለ፣ በዚህ ቀዳዳ ውስጥ የቺፕውዱ ወይም የኤምዲኤፉ ሆድ ዕቃ እርቃኑን ይቀራል፤ የተገጠመው ኩባያም ከዓይን ይሸፍነዋል እንጂ ከእርጥበት አይጋርደውም። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ብረት ሲያገኝ ጠብታ ሆኖ ክንዱን ተከትሎ ወደ ቀዳዳው ይገባል፣ የሰሌዳው ብናኝ ውኃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ብሎኖቹም የነከሱት እየላላ ይሄዳል።

ይህ ለምን ከላይኛው ማጠፊያ እንደሚጀምር አንድ ምሳሌ ያሳያል። ወርዱ 40፣ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ 16 ሚሊሜትር የኤምዲኤፍ በር ወደ 2.9 ኪሎ ይመዝናል፤ ፊቱን በሙሉ የሚሸፍን ባለ 4 ሚሊሜትር መስታወት ሲለጠፍበት 2.4 ኪሎ ይጨመርና 5.3 ኪሎ ይሆናል። ማጠፊያዎቹ ከላይና ከታች 10 ሴንቲሜትር እየተተወ ከተገጠሙ በመካከላቸው 40 ሴንቲሜትር አለ፤ የበሩ ክብደት መሐል ደግሞ ከማጠፊያዎቹ 20 ሴንቲሜትር ይርቃል። በዚህ ስሌት በሩ ሲከፈት የላይኛውን ማጠፊያ ያለማቋረጥ 2.6 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ውጭ ይስበዋል፣ የታችኛው ግን በዚያው መጠን ወደ ውስጥ ይገፋል። የሚሳበው ማጠፊያ ደግሞ እንፋሎቱ በሚበረታበት ከፍታ ላይ ያለው ነው። ሁለቱን ማጠፊያዎች አቀራርቦ 30 ሴንቲሜትር ላይ የገጠመ አናጺ ይህንኑ ኃይል ወደ 3.5 ኪሎ ያሳድገዋል፤ ስለዚህ መስታወት ያለው በር ሲገዛ ማጠፊያዎቹ ወደ ጫፎቹ የተጠጉ መሆናቸውን ማየት፣ በሩ ከዚህ የሚረዝም ከሆነም ሦስተኛ ማጠፊያ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አዲስ ካቢኔት ከመሰቀሉ በፊት መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማጠፊያዎቹን አውልቆ የቀዳዳውን ወለልና ግድግዳ፣ የብሎኖቹንም ቀዳዳዎች ጭምር፣ በፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ መቀባት፣ በደንብ እንዲደርቅ መተው፣ ከዚያም በኩባያው ከንፈር ሥር ቀጭን ሲሊኮን አዙሮ መልሶ መግጠም ይበቃል። ሰሌዳው አስቀድሞ ካበጠ ግን ቫርኒሽ አያድነውም፤ ያበጠ ቺፕውድ ቢደርቅም ወደ ጥንት ውፍረቱና ጥንካሬው አይመለስም። ማጠፊያውን ደህና ወደሆነ ቦታ ጥቂት ሴንቲሜትር አዛውሮ አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ ካልሆነም በሩን መለወጥ ነው የሚቀረው።

ሦስተኛው ስህተት የሰሌዳውን አረንጓዴ ቀለም ማመን ነው። እርጥበት የሚቋቋም ኤምዲኤፍ ከሌላው እንዲለይ ሆዱ አረንጓዴ ይደረጋል፤ ሆኖም ቀለሙ ምልክት እንጂ ራሱ መከላከያ አይደለም፣ መከላከያው ብናኙን ያያያዘው ማጣበቂያ ነው። ከእንጨት ሥራ ቤቱ ቁራጭ ለምኖ ውፍረቱን በካሊፐር መለካት፣ አንድ ሙሉ ቀን ውኃ ውስጥ ነክሮ እንደገና መለካት ከማንኛውም ቃል የተሻለ ማስረጃ ነው። ባለ 16 ሚሊሜትሩ ቁራጭ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም ሳይዘል ቢያብጥ ጥሩ ነው፤ ወደ 2 ሚሊሜትር ከተጠጋ ከተራው ኤምዲኤፍ የሚለይ አይደለም።

አራተኛው ስህተት የበሩን ጀርባ አለመመልከት ነው። ፊቱ በመስታወት የታሸገ፣ ጀርባው ግን በስስ ቀለም ብቻ የተቀባ በር እርጥበቱን በአንድ ወገን ብቻ ይጠጣል፤ ያ ወገን ሲለጠጥ ሌላው ባለበት ስለሚቀር በሩ ይጎብጣል። ብዙዎች ይህንን የማጠፊያ ችግር መስሏቸው የማስተካከያ ብሎኖቹን ሲያሽከረክሩ ይውላሉ፤ እነዚያ ብሎኖች ግን በሩን በጥቂት ሚሊሜትር ያዛውሩታል እንጂ አያቃኑትም። መለየቱ አያስቸግርም። በሩን ከፍቶ ጫፉን ወደ ላይ ሲያነሡት ከማጠፊያው ሥር ከተንቀሳቀሰ የላላው ብሎን ነው። በማጠፊያው በኩል በትክክል ገጥሞ አንዱ ማዕዘን ብቻ ካልደረሰ፣ በጣት ሲጫኑትም ደርሶ ሲለቁት ተመልሶ ከተነሣ የጎበጠው ሰሌዳው ነው። ሲገዙ ረጅም ማስመሪያ በበሩ ጀርባ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አጋድሞ ብርሃን በሥሩ ያልፍ እንደሆነ ማየት፣ ጀርባውም እንደ ፊቱ መሸፈኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት ከግዢው በኋላ የሚፈጸም ቢሆንም የተመረጠውን ማጠፊያ ከንቱ ስለሚያደርግ እዚሁ ይነሣ። የበረኪና ጠርሙስ በካቢኔቱ ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም። ከክዳኑ ሾልኮ የሚወጣው የክሎሪን ትነት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ኒኬሉን ቶሎ ይበላል፣ 304 ስቴንለስንም በቡናማ ነጠብጣብ ያበላሸዋል። በረኪናው ከካቢኔቱ ውጭ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ማጠፊያዎቹም በበረኪና በተነከረ ጨርቅ አይጽዱ፣ በደረቅ ጨርቅ ይወልወሉ።