ቂም አይደለም፣ ድንጋጤ ነው፦ ብቻውን መዋል ባቃተው ውሻ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ለዓመታት ሰው ከአጠገቡ ሳይጠፋ የኖረ ውሻ፣ ባለቤቱ አዲስ ሥራ ይዞ ከማለዳ እስከ ምሽት ሲለየው በር ይቦጫጭራል፣ ያላዝናል፣ ጨዋ ሆኖ ሳለ ቤት ውስጥ ይሸናል። እኔ ዘንድ የሚመጡት ባለቤቶች አብዛኞቹ ይህንን የሚነግሩኝ እንደ ክስ ነው። «ዶክተር፣ ሥራ በመጀመሬ ተቀይሞኝ ነው፤ ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው» ይሉኛል። ከዚህ ክስ የሚወለደው ስህተት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፦ ሲመለሱ መቅጣት።

«ጥፋቱን ባያውቅ ኖሮ ለምን ጆሮውን ጥሎ፣ ጭራውን እግሮቹ መሐል ወሽቆ ይሸሸኛል?» የሚለውን ክርክር ሰምቼ ሰልችቶኛል። ውሻው የሚያነበው የእርስዎን ፊት እንጂ የራሱን ጥፋት አይደለም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ይህ «የጥፋተኝነት» ፊት የሚታየው ውሻው አጥፍቶ እንደሆነ ሳይሆን ባለቤቱ ተቆጥቶ እንደሆነ አሳይታለች። ምንም ያላጠፉ ውሾችም ሲቆጧቸው ያንኑ ፊት አሳይተዋል። ጫማው የተቦጨቀው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ዱላው የሚያርፈው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ። ውሻው ሁለቱን የሚያገናኝበት መንገድ የለውም። የሚማረው ነገር ቢኖር የባለቤቱ መምጣትም እንደ መሄዱ አስፈሪ መሆኑን ነው። ጠዋት ስለ መሄድዎ ይጨነቅ የነበረው አሁን ስለ መመለስዎም ይጨነቃል፣ በማግሥቱ ጥፋቱ ይብሳል፣ እርስዎም «እልኸኛ ነው» ብለው ዱላውን ያበረታሉ። እባክዎ ያቁሙ። የተቦጨቀውን አንሥተው፣ የሸናውን ጠርገው ዝም ይበሉ።

ሁለተኛው ስህተት ሳያዩ መፍረድ ነው። ስልክዎን ወንበር ላይ አቁመው ቪዲዮ እየቀረጸ ይውጡ። የሚፈለገው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይገኛል። የሰለቸው ውሻ መጀመሪያ ጋደም ይላል፣ ይተኛል፣ ቆይቶ ነው ያገኘውን የሚያኝከው። የተደናገጠው ግን በሩ እንደተዘጋ ይጀምራል፦ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንጎራደዳል፣ ጉዳቱም በበሩ መቃንና በመስኮቱ ዙሪያ ይበዛል። ደረጃ ላይ ኮቴ ሲሰማ ብቻ የሚጮህ ውሻ ደግሞ ቤት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ውኃ አብዝቶ እየጠጣ የሚሸና ከሆነ ጭንቀት ከማለትዎ በፊት ያስመርምሩት። ሲያላዝንና ለሃጩ ሲፈስ ያዩ ጎረቤቶች «አብዷል» ማለታቸውም አይቀርም። የመለየት ጭንቀት፣ ማለትም ውሻው ብቻውን ሲቀር የሚይዘው ድንጋጤ፣ ባለቤቱ ሲመለስ ይበርዳል፤ የውሻ እብደት በሽታ በማንም መምጣት አይበርድም። ጠባዩ እርስዎ ባሉበትም ከተለወጠ፣ ወይም ሰው ከነከሰ፣ ቪዲዮ እያዩ ጊዜ አያጥፉ፤ ውሻውን ወደ እንስሳት ሐኪም፣ የተነከሰውን ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና በደንብ አጥበው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም።

በሰንሰለት ማሰርና ጠባብ ክፍል ውስጥ መቆለፍ በራችሁን ያድን ይሆናል እንጂ ድንጋጤውን አይቀንስም። የተሰበረ የክራንቻ ጥርስና የተነቀለ ጥፍር የማክመው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ካሉት ነው።

ጓደኛ ይሁነው ብሎ ሁለተኛ ውሻ ማምጣትም አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ የናፈቀው ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ብቻውን መቆየትን ወደ ማለማመዱ፣ ልምጣ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ወጣት አምስት ዓመት የሞላው የሐበሻ ውሻ ነበራት። ቤቷ ሆና ልብስ ትሰፋ ስለነበር ከአጠገቧ ተለይቶ አያውቅም። ካዛንቺስ አካባቢ ሥራ ስታገኝ ግን የታክሲ ሰልፉ ተጨምሮበት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወጥታ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የምትመለስ ሆነች። በቪዲዮው ላይ ውሻው በሩ ሥር አፍንጫውን አስገብቶ ሲያሸት፣ ከዚያም በበሩና በመስኮቱ መካከል ሲመላለስ ይታያል። ሥጋ ያለበት ጥሬ አጥንት ትታለት ነበር። ቀኑን ሙሉ አልነካውም፤ እሷ ስትገባ ነው አንሥቶ መብላት የጀመረው። ምግብ የሚወድ ውሻ ብቻውን ሲሆን አልበላም ካለ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ብቻውን እንዳይውል ነው። ምሽት ላይ በቀስታ እያለማመዱ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ማስደንገጥ ውኃ በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። ምድር ቤት ያሉ አንዲት እናት በጥቂት ክፍያ ሊያውሉት ተስማሙ። ከዚያ መውጣቷን የሚያሳብቁትን ምልክቶች ማደብዘዝ ጀመረች፦ ቁልፉን አንሥታ መልሳ ትቀመጣለች፣ ጫማዋን አድርጋ ቡና ታፈላለች፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጥ ታማስላለች። ቁልፍ ሲንቃጨል ውሻው ቀና ማለት ሲተው ወደ በሩ አለፈች። እጀታውን ነክቶ መመለስ፣ ከፍቶ መዝጋት፣ ወጥቶ ሦስት ሰከንድ ቆይቶ መግባት። የሚቆጠረው ሰዓቱ ሳይሆን ውሻው ነው። ከንፈሩን ከላሰ፣ ካዛጋ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፣ እርምጃው በዝቷል፤ የሚቀጥለው ማጠር አለበት።

ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አምስት ደቂቃ በሰላም ማለፉን ስታይ እሑድ ለግማሽ ሰዓት ገበያ ወጣች። ስትመለስ ጩኸቱ ከታችኛው ደረጃ ይሰማ ነበር። በማግሥቱ ቁልፉን ስታነሣ ብቻ ለሃጩ ፈሰሰ፤ ልምምዱ ከእጀታው እንደገና ተጀመረ። ጊዜውን ሁልጊዜ መጨመርም ስህተት ነው፤ እያንዳንዱ መውጣት ካለፈው የሚከብድ ከሆነ ውሻው ያንን ይማራል። አምስት ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ አንድ እያሉ ማፈራረቅ ይሻላል። አስቸጋሪው የመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ በአምስት፣ ቀጥሎም በአሥራ አምስት ደቂቃ መጨመር ይቻላል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ተረጋግቶ የሚቆይ ውሻ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ቀን መቆየት ይችላል። ሥራው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ያም ሆኖ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽንት ያዝ ማለት ግፍ ስለሆነ፣ እኒያ እናት አሁንም እኩለ ቀን ላይ ያወጡታል።

መድኃኒትን በተመለከተ «የሚያስተኛ ስጡኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አሴፕሮማዚን የመሰለ የሚያፈዝዝ መድኃኒት ሰውነቱን ያዝላል እንጂ ፍርሃቱን አያነሣም፤ ድንጋጤው እንዳለ ሆኖ መንቀሳቀስ ብቻ ያቅተዋል። ለጭንቀቱ የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን ያሉት ናቸው። በየቀኑ ይሰጣሉ፣ ውጤታቸው ለመታየት ሳምንታት ይፈጃል፣ ያለ ልምምዱም ብቻቸውን እምብዛም አይበቁም። ቪዲዮው ላይ ውሻው ሦስት ሰከንድ እንኳ መታገሥ ካቃተው የመድኃኒቶቹን ጉዳይ ቀድሜ አነሣለሁ። መጠናቸው በክብደት ስለሚሰላ ከሰው መድኃኒት ላይ ቆርሶ መስጠት አይቻልም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ለፋሲካ ሳምንት ሙሉ ቤት ውለው ሰኞ ቀጥታ ወደ ሙሉ ቀን አይመለሱ። በበዓሉ ቀናትም ለአጭር ጊዜ እየወጡ ይግቡ፤ ውሻው ካገረሸበትም እስከ መጨረሻው ተረጋግቶ ወደነበረበት ደቂቃ ወርደው ከዚያ ይቀጥሉ።